የ9ኛ ክፍል የቤት ሥራ ከሜሪላንድ ኢትዮጵያ እንዴት ደረሰ?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት አምቦ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ፋይል ላከልኝ። ከፋይሉ ጋር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ቲቸር፣ ይሄ ላፕቶፕ በየአምስት ደቂቃው የሆነ ቦታ ይደውላል። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። ውጭ ካለው ወንድማቸው ጋር የሚያወሩትን ሰው የሚሰማባቸው መስሏቸው፣ ይኸው ሁለት ወር ሆናቸው ከወንድማቸው ጋር ካወሩ። ምን ልበላቸው?»

ፋይሉ በዋየርሻርክ የተቀዳ የኔትወርክ ትራፊክ ነበር። ዋየርሻርክን የማታውቁት ካላችሁ፣ በኮምፒውተራችሁ የሚገባውንና የሚወጣውን እያንዳንዱን ፓኬት ቀድቶ የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ኢተሪያል ተብሎ ተወለደ፣ በ2006 ደግሞ ስሙ ተቀየረ። ለልጁ የሰጠሁትን መልስ እነግራችኋለሁ። ግን የሰውየው ፍርሃት ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የኛው አገር ታሪክ አለበት። መጀመሪያ እሱን ላውራችሁ።

ኪዳኔ የተባለው ሰው

በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነበር። የፍርድ ቤት መዝገቡ «ኪዳኔ» ይለዋል፤ ለደህንነቱ ሲባል ፍርድ ቤቱ የፈቀደለት የብዕር ስም ነው። በክሱ እንደተገለጸው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ፕሮግራም ተገኘ። በኢሜይል ከመጣ የወርድ ሰነድ ጋር ነው የገባው። ከጥቅምት 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ለአምስት ወር ገደማ፣ የስካይፕ ጥሪዎቹን ሲቀዳና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ሲከታተል ቆየ ይላል ክሱ።

ለኔ ለመምህሩ ግን ከሁሉም በላይ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ከተቀዱት ነገሮች አንዱ የሰውየው ልጅ ለ9ኛ ክፍል የታሪክ ትምህርቱ ኢንተርኔት ላይ ያደረገው ፍለጋ ነበር። ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ! እስቲ አስቡት፣ አንድ ልጅ የቤት ሥራውን ለመሥራት አንድ ቃል ይጽፋል፣ ያቺ ቃል ደግሞ ውቅያኖስ የምታቋርጥ ትሆናለች።

ወዴት ነው የምትሄደው? አድራሻው `213.55.99.74` ነው። ይህ ቁጥር የኢትዮ ቴሌኮም የአድራሻ ክልል ውስጥ ያለ ነው።

ቁጥሩ የታወቀበት መንገድ ነው የዛሬው ጉዳያችን። በ2012 ክረምት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ የተባለው የምርምር ቡድን፣ ለባህሬን የመብት ተሟጋቾች በኢሜይል የተላከውን ፊንስፓይ መረመረ። ብዙም ሳይቆይ ራፒድ7 የተባለው የደህንነት ድርጅት ባለሙያ አንድ ነገር አስተዋለ። የፊንስፓይ አዛዥ ሰርቨር በብሮውዘር ስታንኳኳው «ሃሎ ሽቴፊ» የሚል ያልተለመደ መልስ ይሰጣል። ኢንተርኔቱን ሁሉ እየዞረ ሲያንኳኳ ይህንን መልስ የሚሰጡ ሰርቨሮች በብዙ አገሮች አገኘ፤ ኢትዮጵያም ነበረችበት። ከዚያ መጋቢት 13 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ሲትዝን ላብ አዲስ ሪፖርት አወጣ። የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ እንደ ማጥመጃ የያዘ የፊንስፓይ ፋይል ተገኝቷል፤ ፋይሉ ሲከፈት ፎቶ ያሳያል፣ ከጀርባ ግን ወደዚያው የኢትዮጵያ አድራሻ ይደውላል።

ይህ መደወል ነው ቁልፉ። የተደበቀን ፕሮግራም ማየት ይከብዳል። ፊንስፓይ እኮ ራሱን ሌሎች ጤነኛ ፕሮግራሞች ውስጥ ይሰገስግ ነበር። የሚልከውም በምስጢር የተቆለፈ ስለሆነ አታነበውም። ግን ሰላይ ሪፖርት ካላደረገ ሰላይ አይደለም፤ ትእዛዝ ለመቀበልም ሆነ ያገኘውን ለመላክ አዛዡን ማግኘት አለበት። አዛዡ ደግሞ ከውጭ ወደ ቤትህ ኮምፒውተር መደወል አይችልም፣ ራውተርህ ይዘጋበታል። ስለዚህ የሚደውለው ከውስጥ ያለው ነው። «አለሁ፣ ትእዛዝ አለ?» እያለ ደጋግሞ ይደውላል። የፊንስፓይ የስልክ ሥሪት ውስጥ ይህ ነገር ራሱ በስም ተጽፎ ተገኝቷል፦ «የልብ ምት» እና «የልብ ምት ክፍተት»። ስሙን ያወጡለት ሠሪዎቹ ናቸው።

ሚስኮል

ክፍል ውስጥ ይህንን ሳስረዳ የምጠቀምበት ምሳሌ ሚስኮል ነው። አንዲት ልጅ ስልኳ ላይ በየማታው ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ከአንድ ቁጥር ሚስኮል ይመጣል እንበል። አባትየው የተነገረ ቃል አልሰሙም፤ ሚስኮል ውስጥ ቃል የለማ። ግን አንድ ሳምንት ካዩ በኋላ የሆነ ነገር እንዳለ ያውቃሉ። ምን አሳወቃቸው? ሰዓቱ። ዋየርሻርክ ላይም የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ የተባለውን ሳይሆን የተደወለበትን ሰዓት።

ይህንን በዓይኔ ለማየት ቤቴ ሁለት ላፕቶፕ በስልኬ ሆትስፖት አገናኘሁ። አንዱ «አዛዥ» ሆነ፣ አድራሻው `192.168.43.10`። እዚያ ላይ `ncat -lk 4111` ብዬ ፖርት 4111 ላይ እንዲያዳምጥ አደረግሁት። ቁጥሯን ከታሪኩ ነው የወሰድኳት፤ የባህሬኑ ፊንስፓይ ከሚጠቀምባቸው ፖርቶች አንዱ ነበር። ሌላው ላፕቶፕ ላይ ይህችን ጻፍኩ፦

```
import socket, time
while True:
    s = socket.create_connection(("192.168.43.10", 4111))
    s.send(b"0123456789ab")
    s.close()
    time.sleep(60)
```

ይደውላል፣ አሥራ ሁለት ባይት ይልካል፣ ይዘጋል፣ ስልሳ ሴኮንድ ይተኛል። ሌላ ምንም አይሠራም። በዚያው ላፕቶፕ ላይ ዋየርሻርክን ከፍቼ መቅዳት ጀመርኩና እንደ ሁልጊዜው ዜና አነበብኩ፣ ዩቲዩብ አየሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አቆምኩት። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፓኬት! እዚያ ውስጥ ስልሳ ሚስኮል እንዴት ይገኛል?

መጀመሪያ `Statistics` ከዚያ `Conversations` ውስጥ ገባሁ። ይህ ገጽ ማን ከማን ጋር ስንት ጊዜ እንዳወራ በሰንጠረዥ ያሳያል። `TCP` የሚለውን ትር ነክቼ በተደዋዩ አድራሻ ሳሰልፈው አንድ ነገር ዓይን ውስጥ ገባ፦ ወደ `192.168.43.10` ስልሳ ያህል ረድፍ አለ፣ የሁሉም መጠን ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ዩቲዩብ አንዱ ረድፍ ሃምሳ ሜጋ፣ ሌላው ሁለት ኪሎ ነው። ሰው ሲጠቀም እንደዚያ ነው፣ ወጣ ገባ ይላል። ስልሳ ጊዜ እኩል መናገር የሰው ጠባይ አይደለም።

ከዚያ ላይኛው የማጣሪያ ሳጥን ውስጥ ይህንን ጻፍኩ፦

```
tcp.flags.syn == 1 && tcp.flags.ack == 0 && ip.dst == 192.168.43.10
```

ትርጉሙ «ወደዚህ አድራሻ የተደረገውን የጥሪ መጀመሪያ ብቻ አሳየኝ» ነው። እያንዳንዱ የቲሲፒ ግንኙነት የሚጀምረው በአንድ የማንኳኳት ፓኬት ነው፤ እሱን ብቻ ስታስቀር አንድ ጥሪ አንድ መስመር ይሆንልሃል። ቀጥሎ `View` ውስጥ `Time Display Format`፣ ከዚያም `Seconds Since Previous Displayed Packet`። አሁን የጊዜው ዓምድ ከቀን ሰዓት ወደ ክፍተት ተቀየረ፦

```
60.04
60.05
60.03
60.11
60.05
```

ይኸው የልብ ምቱ።

እዚህ ላይ ቸኩላችሁ እንዳታልፉ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለችውን ቁጥር እዩአት። ለምን ልክ 60 አልሆነም? ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሥራውን ይጨርሳል፣ ከዚያ ነው ስልሳ ሴኮንድ የሚተኛው። የሥራው ጊዜ እየተደመረ በየዙሩ አምስት መቶኛ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል፤ በሰዓት ሦስት ሴኮንድ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ ከደቂቃው አሥረኛ ሴኮንድ ላይ ከነበረ፣ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሦስተኛው ላይ ይሆናል። በሰዓት ቆጣሪ የሚነሳ የዊንዶውስ ሥራ ግን እንዲህ አይንሸራተትም፤ ሁልጊዜ በተመደበለት ሴኮንድ ገደማ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ያቺ ትንሽ መንሸራተት «ይህ እየተኛ የሚነሳ ፕሮግራም ነው» ብላ ትነግርሃለች። ይህ ራሱን ችሎ ወንጀል አይደለም፤ ግን የምትፈልገው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ያጠብብልሃል።

አንድ ወጥመድም አለ። ሌላኛውን ላፕቶፕ ድንገት ከሆትስፖቱ ባወጣው፣ ማንኳኳቱ መልስ ሲያጣ ዊንዶውስ ራሱ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ደግሞ ያንኳኳል። ያኔ ዓምዱ ላይ 1፣ 2፣ 4 የሚሉ ትናንሽ ቁጥሮች ገብተው ምቱን ያበላሹታል። እነሱን ለማስወገድ ማጣሪያው መጨረሻ ላይ `&& !tcp.analysis.retransmission` ይጨመራል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው «ምት የለውም» ብሎ ፋይሉን የሚዘጋው። ሰርቨሩ የሞተበት ሰላይ እኮ መደወሉን አያቆምም፣ መልስ ብቻ ነው የሚያጣው።

ሰላዩ ብልጥ ሲሆን

«ቲቸር፣ ሰዓቱን ቢያዛባውስ?» ትሉኛላችሁ። አዎ ያዛባዋል። የፕሮግራሜን የመጨረሻ መስመር ቀይሬ በ45 እና በ75 ሴኮንድ መካከል በዘፈቀደ እንዲተኛ አደረግሁት። አሁን ዓምዱ 52፣ 71፣ 48፣ 66፣ 59 እያለ ይሄዳል። አምስት ቁጥር ብቻ ካየህ ምንም ምት የለውም ትላለህ።

አርባ ቁጥር ግን ተመልከት። ከ45 በታች አንድም የለም፣ ከ75 በላይም አንድም የለም። አሁን ደግሞ እኔ ዜና ያነበብኩበትን ድረ ገጽ በዚያው ማጣሪያ እየው፦ 0.2፣ 0.1፣ 3፣ 410፣ 0.2፣ 1260። ሰው ሲከፍት በአንድ ጊዜ አሥር ያንኳኳል፣ ከዚያ ቡና ሊያፈላ ይሄዳል፣ ከዚያ እንቅልፍ አለ፣ ሥራ አለ። የተዛባ ምትም ቢሆን አጥር አለው፤ የሰው ጠባይ አጥር የለውም። እና ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንተ ተኝተህ እሱ ያው ነው።

ስለዚህ ዋናው ነገር ትዕግሥት ነው። በደቂቃ አንዴ የሚመታን በአንድ ሰዓት ትይዘዋለህ። በአራት ሰዓት አንዴ የሚደውልን ግን በአንድ ሰዓት ቀረጻ ጭራሽ ላታየው ትችላለህ፣ ብታየውም አንድ መስመር ነው፤ ከአንድ መስመር ምት አይወጣም። መብራት ሲጠፋና ሲመጣም ምቱ ይቋረጥና ከሌላ ሴኮንድ ላይ እንደ አዲስ ይጀምራል። ያኔ ቀረጻውን ሁለት ቦታ ከፍሎ ማየት ነው እንጂ መደናገር አያስፈልግም። ሌላም ዓይነት አለ፤ አንዴ ይደውልና ሳይዘጋ ለሰዓታት በዚያው መስመር ላይ ትንሽ ትንሽ የሚናገር። እሱን የማንኳኳት ማጣሪያው አያገኘውም። አድራሻውን ይዘህ `tcp.len > 0` ብለህ የተናገረባቸውን ፓኬቶች ክፍተት ማየት አለብህ።

የአምቦው ላፕቶፕ

አሁን ወደ ልጁ ፋይል። ያለውን አረጋገጥኩ፤ ክፍተቱ 300.4፣ 300.3፣ 300.6 ነው። ከላይ የነገርኳችሁ መንሸራተት እንኳን አለ። እውነቱን ልናገርና ልቤ ደንገጥ አለ። «ተይዟል በላቸው» ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ነበር።

ግን ምት ያለው ሁሉ ሰላይ አይደለም። ሰዓት የሚያስተካክለው፣ አንቲቫይረሱ፣ ቴሌግራሙ፣ ሁሉም በየጊዜው የየራሳቸውን ቤት ይደውላሉ። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁ። የተደወለበት ፖርት የቱ ነው? 993፣ የኢሜይል መቀበያ ፖርት። ከመደወሉ በፊት የማንን አድራሻ ጠየቀ? `dns` ብዬ ሳጣራ የታወቀ የኢሜይል አገልግሎት ስም ወጣ። በጥሪው መጀመሪያ ላይ ያቀረበው ስምስ? `tls.handshake.extensions_server_name` ብዬ ሳይ ያው ስም። ሦስቱም ተስማሙ።

ይህም ሆኖ በዚህ አላበቃም፤ ስምና ፖርት ሊመሰል ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋየርሻርክ ኮምፒውተሩ መደወሉን እንጂ የትኛው ፕሮግራም እንደደወለ ከፓኬቱ አይነግርህም። ልጁን ወደ ላፕቶፑ ተመልሶ ይህንን እንዲያስኬድ አልኩት፦

```
netstat -ano 1 | findstr :993
```

በየሴኮንዱ እየደጋገመ ያያል፣ ጥሪው አጭር ስለሆነ አንዴ ብታይ ያመልጥሃል። አምስት ደቂቃ ጠብቆ ያዘው። መጨረሻ ላይ ያለውን የፕሮግራም ቁጥር በ`tasklist` ሲፈልገው የሰውየው የራሳቸው የኢሜይል ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ በየአምስት ደቂቃው እንዲያይ የተደረገ። ጥሪው ሁሉ ተራ የደብዳቤ ፍተሻ ነው።

ልጁን እንዲህ አልኩት፦ «ጋሼን ያ ጥሪ ደብዳቤያቸው መሆኑን ንገራቸው። ግን "ላፕቶፕዎ ንጹሕ ነው" አትበላቸው። እኛ ያየነው የሁለት ሰዓት ቀረጻ ነው። አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ቅዳና እንደገና እናያለን።» ቀዳ። ሌላ የሚያጠራጥር ምት አላገኘንም። ሰውየው በማግስቱ ለወንድማቸው ደወሉ አሉ።

(ልብ በሉ፦ ሰውየው ፈቅደው ነው። የራስህን ወይም ባለቤቱ የፈቀደልህን ኮምፒውተር ብቻ ነው የምትቀዳው። የጎረቤት ዋይፋይ ላይ ተቀምጠህ ብትቀዳ ሰላዩ አንተ ነህ።)

ምቱ ሲቆም

ከኪዳኔ በኋላም ታሪኩ ቀጥሏል። የእኛው ጊንጪ ላይ ተቃውሞ በተነሳ በዓመቱ ገደማ፣ በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ.፣ ጃዋር መሐመድ ማጥመጃ ያለበት ኢሜይል ደረሰውና ለሲትዝን ላብ አሳለፈው። በታኅሣሥ 2017 የወጣው ሪፖርት ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ፕሮግራም መሆኑን አሳየ። የሚገርመው ማስረጃው የተገኘበት መንገድ ነው፤ አዛዥ ሰርቨሩ ላይ ማንም ሊያየው የሚችል መዝገብ ክፍት ቀርቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ መዝገቡን እየተከታተሉ፣ የተያዙ ኮምፒውተሮች በ20 አገሮች እንዳሉ አወቁ። ሰላዩ የሚደውለው ሚስኮል በደዋዩ ስልክ ላይ ብቻ አይቀርም፣ በተደዋዩም ላይ ይመዘገባል።

ይሁን እንጂ አድራሻ የሰው ስም አይደለም። `213.55.99.74` የት እንዳለ ይናገራል፤ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ አይናገርም። ኪዳኔ በየካቲት 2014 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በተባለው ድርጅት አማካይነት የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በግንቦት 2016 ክሱ ውድቅ ሆነ፤ በመጋቢት 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ምክንያቱ ማስረጃው ተመርምሮ ስለወደቀ አይደለም። ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን እዚያ መክሰስ አይቻልም ተብሎ ነው። እናም ማን አደረገው የሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤት ውስጥ ሳይመለስ ቀረ።

አንዲት ነገር ግን ከክሱ ውስጥ አትረሳኝም። የሲትዝን ላብ ሪፖርት መጋቢት 13 ቀን 2013 ወጣ፣ አድራሻውም ተገለጠ። ከአምስት ቀን በኋላ ኪዳኔ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፕሮግራም ራሱን ለማጥፋት ሞከረ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ርዝራዡ ቀረ። ማስረጃው የተገኘው ከዚያ ርዝራዥ ነው። ያን ሳምንት ያንን ኮምፒውተር በዋየርሻርክ ሲቀዳ የነበረ ሰው ቢኖር፣ ለወራት ሲመታ የኖረው ምት አንድ ቀን ጸጥ ሲል ያይ ነበር።

ስለዚህ የቀዳችሁትን ፋይል «አሁን ምንም የለውም» ብላችሁ አታጥፉት። ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡት። የቆመ ምት መቼ እንደቆመ ማወቅ የሚቻለው የድሮው ቀረጻ ካለ ብቻ ነው።

መልካም ምሽት፣ ከባኮ።